የከረጢቱ ማስታወቂያ ከሽምብራው ይጀምር፦ የምላሽ ጽሑፍ

«የማስታወቂያ ርዕስ ዕቃው ያለውን ሁሉ ይዘርዝር። አንደኛ፣ ገዢ ሞኝ አይደለም፤ የዕቃውን ባሕርይ ከነገሩት ጥቅሙን ራሱ ያሰላዋል። ሁለተኛ፣ ጥቅም ማንም አፉን ሞልቶ የሚናገረው ተስፋ ነው፤ ባሕርይ ግን ታይቶና ተለክቶ የሚረጋገጥ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ጥቅም ብቻ መርጠን ከጻፍን ሌላውን ገዢ እናባርራለን። አራተኛ፣ ተፎካካሪው ሁሉ ሲዘረዝር እኛ ዝም ካልን ዕቃችን ያነሰ ይመስላል።»

ከላይ የጠቀስኩት ምላሽ የምሰጥበትን ጽሑፍ የጻፉት ባለ ጽሑፍ ያሉትን ነው። ምላሼን እንደ ነጥቦቹ ቅደም ተከተል እሰጣለሁ፤ ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ግን ክርክሩን ሁሉ በአንድ ርዕስ ላይ አቆማለሁ። ርዕሱ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ አረርቲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ በር ላይ በባነር ተሰቅሎ የነበረ ሲሆን እንዲህ ይል ነበር፦ «ባለ 3 ሽፋን፣ ባለ 80 ማይክሮን ውስጠኛ ፕላስቲክ፣ አየር ፈጽሞ የማያስገባ፣ 100 ኪሎ የሚይዝ ዘመናዊ የእህል ማከማቻ ከረጢት»። በርዕሱ ውስጥ ሐሰት የለም። ከረጢቱ በእርግጥ ሁለት ውስጠኛ ፕላስቲኮችና ከውጭ እንደ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸመነ ሦስተኛ ሽፋን አለው። ጥያቄው ይህ እውነት በርዕስነት ሲሰቀል በሚያነበው ሰው ልብ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ በተመለከተ፣ ገዢው ሞኝ አለመሆኑን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የምንለያየው ስሌቱ ወዴት እንደሚያደርሰው ላይ ነው። «አየር ፈጽሞ የማያስገባ» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። ሻጩ ይህን ሲጽፍ የዕቃውን ትልቁን ብርታት የጻፈ ይመስለዋል። አንድ አዛውንት ገበሬ ግን ባነሩን አንብበው ከረጢቱን በእጃቸው ካሻሹ በኋላ ለሻጩ ልጅ የሰጡት መልስ «ልጄ፣ እህል እኮ ይተነፍሳል፤ አፍነኸው ስታበቃ ሻጋታውን ማን ሊበላው ነው?» የሚል ነበር። ልጁ «አባቴ፣ ይሄ እንደዚያ አይደለም» ብሎ ማስረዳት ሲጀምር እሳቸው ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞረው ነበር።

እኚህ ሰው አልተሳሳቱም። ከአባቶቻቸው የተማሩት ጎተራ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራው፣ እህሉም ከመግባቱ በፊት ፀሐይ ላይ የሚሰጣው እርጥበት የያዘ እህል ታፍኖ ሲቀመጥ እንደሚሞቅና እንደሚሻግት ስለሚታወቅ ነው። እናም ባሕርዩን ነገርናቸው፣ አሰሉት፣ ስሌታቸውም ከረጢቱ እህል የሚያበላሽ ዕቃ መሆኑን ነገራቸው። ባሕርይ ብቻውን ሲቀመጥ ትርጉሙን የሚያገኘው አንባቢው ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ነው፤ አንባቢው የሚያውቀው ደግሞ ሻጩ ከሚያስበው ጋር ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። «ባለ 80 ማይክሮን» የሚለውማ ለስሌት እንኳ አይመችም፤ 80 ብዙ ይሁን ጥቂት የሚያነጻጽርበት ነገር በእጁ የለም። «ባለ 3 ሽፋን» የሚለው ደግሞ አንድ ስሌት ብቻ ያመጣል፦ ውድ ነው። ከማዳበሪያ ግዢ የተረፈ ባዶ ጆንያ በቤቱ ሞልቶ ለተኛ ሰው ይህ ስሌት ከመደብሩ ደጃፍ የሚመልስ ነው።

አሁን ያንኑ ባሕርይ ወደ ጥቅም እንዴት እንደምንወስደው በዝርዝር ላሳይ። መንገዱ ለእያንዳንዱ ባሕርይ በሰፈር አነጋገር «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለተገኘውም መልስ ጥያቄውን መድገም ነው። ውስጠኛው ፕላስቲክ ወፍራምና ድርብ ነው። ታዲያ? አየር አያሳልፍም። ታዲያ? በጥራጥሬው ውስጥ ተደብቆ የገባው ነቀዝና ትሉ በከረጢቱ የቀረችውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሷታል። ታዲያ? ኦክስጅኑ ሲመናመን ትሉ መብላቱን ያቆማል፣ መራባትም ይቀራል፣ ውሎ አድሮም ደርቆ ይሞታል። ታዲያ? ገበሬው የነቀዝ ኪኒን መግዛት አያስፈልገውም፤ ፍሬውም ሳይቦረቦር ይቆያል። ታዲያ? በጥርና በየካቲት አውድማ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ «ነቀዝ ሳይገባበት ልገላገለው» ብሎ ለመሸጥ አይገደድም፤ እስከ ክረምት ማቆየት ይችላል። ታዲያ? ዋጋው ከፍ ባለ ጊዜ ይሸጣል። ታዲያ? ትርፍ ያገኛል፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ልጁን ያስተምራል።

ብዙ ጸሐፊ የሚሰናከለው እዚህ ሰንሰለት ላይ የት መቆም እንዳለበት ባለማወቁ ነው። አንዳንዱ ገና በሁለተኛው ቀለበት ላይ ይቆምና «አየር የማያሳልፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ያ ከባሕርይ አልወጣም። ሌላው እስከ መጨረሻው ይነጉድና «ሽምብራዎን በእጥፍ ዋጋ ይሽጡ» ይላል። እኔ የምከተለው መለኪያ ዕቃው ራሱ ማድረግ የሚችለው ነገር በሚያበቃበት ቀለበት ላይ መቆም ነው። ከረጢቱ ነቀዙን ያፍናል፤ ስለዚህ ሽምብራው እስከ ክረምት መቆየቱ የከረጢቱ ሥራ ነው። የክረምቱን ዋጋ የሚወስነው ግን ገበያው ነው፤ ዋጋው ሳይጨምር ቢቀር ወይም ቢወርድ ከረጢቱ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ገበሬው በማይጨምር ዓመት ከረጢቱን ይዞ መጥቶ «እጥፉ የታለ?» ቢል መልስ የለንም። ስለ ዋጋው ደግሞ እኛ በቃል ሳንናገር ይነገራል፤ «እስከ ክረምት» የሚለውን ሐረግ ያነበበ ገበሬ በጥርና በሐምሌ መካከል ስላለው የዋጋ ልዩነት ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ባለ ጽሑፉ «ገዢው ራሱ ያሰላዋል» ያሉት ነገር ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የማይክሮኑን ስሌት ሳይሆን የገበያውን ስሌት ለእሱ እንተውለት።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ሄደን የመጣው ርዕስ ይህ ነው፦ «ሽምብራዎ ያለ መድኃኒት፣ ነቀዝ ሳይፈጀው እስከ ክረምት ይቆያል»። ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል «ነቀዙን አፍኖ የሚገድል ባለ 3 ሽፋን ከረጢት፤ 100 ኪሎ ይይዛል» የሚል ንዑስ ርዕስ አለው። ባሕርዮቹ አልተጣሉም፤ ቦታቸውን ቀይረው ለተስፋው ምክንያት ሆነዋል። ከሁሉም በላይ አየር አለማስገባቱ «አፍኖ የሚገድል» በሚል ሲመጣ የሚታፈነው እህሉ ሳይሆን ነቀዙ መሆኑ ተነግሯል፤ አዛውንቱን ወደ ሌላ መደርደሪያ ያዞረው ፍርሃትም ያኔ መነሻ ያጣል።

«ያለ መድኃኒት» የሚለው በርዕሱ ውስጥ የገባው ለማሳመር አይደለም። ብዙ ቤት እህልና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የነቀዝ ኪኒን የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ ነቀዝን ብቻ መርጦ የሚገድል አይደለም። ከገዢዎች መካከል በተለይ እናቶች ስለ ከረጢቱ ሲጠይቁ ደጋግመው የሚያነሡት ይህን ስለሆነ ከቃላቸው ተወስዶ ወደ ርዕሱ ገብቷል። ዋናው ጥቅም የቱ እንደሆነ በቢሮ ተቀምጦ መገመት ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ በመደብሩ ባንኮኒ አጠገብ ቆሞ ሰው ምን ብሎ እንደሚያማርር መስማት ይሻላል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ባለ ጽሑፉ የሚጠሉትን ዓይነት ርዕስ እኔም እጠላዋለሁ። ባነሩን ለመቀየር ሲታሰብ መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ «ለአርሶ አደሩ አስተማማኝ መፍትሔ» የሚል ነበር፤ ይህ ርዕስ ስለ ከረጢት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ውኃ ፓምፕ ወይም ስለ ብድር ቢለጠፍ አንዲት ፊደል መለወጥ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ባዶ ቃል ጥቅም ብለን ከጠራነው ባለ ጽሑፉ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ባዶውን ከሞላው የሚለይ ቀላል ፈተና አለ፦ በጎን ያለው ተራ ጆንያ ሻጭ ይህን ርዕስ በራሱ ዕቃ ላይ ሳይዋሽ ሊለጥፈው ይችላልን? «አስተማማኝ መፍትሔ» የሚለውን ይለጥፈዋል። «ያለ መድኃኒት እስከ ክረምት ይቆያል» የሚለውን ግን ቢለጥፍ በሚያዝያ ይጋለጣል፤ በተራ ጆንያ ውስጥ ያለ ሽምብራ ክብ ክብ ቀዳዳ አውጥቶ ዱቄቱ ከሥር ሲራገፍ ማንም ያየዋል።

የማረጋገጡ ነገር ባለ ጽሑፉ ካሉት ጋር የተገላቢጦሽ የሆነውም ለዚህ ነው። 80 ማይክሮንን የሚለካ መሣሪያ ምንጃር ውስጥ በየትኛው ገበሬ ቤት ይገኛል? አስመስሎ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ላይ «80 ማይክሮን» ብሎ ማተም ለአጭበርባሪ የቀለም ዋጋ ብቻ ነው። ጥቅሙን ግን ገበሬው ያለ መሣሪያ ይፈትነዋል፦ አንድ ከረጢት ሞልቶ፣ አንዱን ተራ ጆንያ ደግሞ ከዚያው አውድማ ሞልቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥና በክረምት ሁለቱንም ይፈታል። ይህን ከረጢት በተለምዶ ፒክስ በሚባለው ስሙ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ያስፋፋው ሥራ ብዙ የተጠቀመበት ዘዴ ይኸው በመንደር ሰው ፊት አሽጎ በሰው ፊት መፍታት ነበር። ከረጢቱን በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለጥራጥሬ ማከማቻ በጀመሩት ሥራ ያገኙት መሆኑ እውነት ነው፤ አንዳንድ ሻጭም «በአሜሪካ ተመራማሪዎች የተሠራ» የሚለውን ከፊት ለማስቀደም ይጓጓል። ይህ መረጃ በበራሪ ወረቀቱ ውስጥ ለተጠራጣሪ አንባቢ ይጠቅማል። ርዕስ ላይ ግን የሽምብራውን ቦታ ይሻማል።

ሐቀኝነቱ በርዕሱ ጥንካሬ ልክም ይለካል። ከመጀመሪያዎቹ ረቂቆች አንዱ «ነቀዝ አይደርስበትም» ይል ነበር። ይህ እውነት አይደለም፤ ነቀዝ ከማሳ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ጋር ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ኦክስጅኑ እስኪያልቅም ጥቂት ፍሬ መብላቱ አይቀርም። ከረጢቱን የፈታ ገበሬ ጥቂት ቀዳዳ ያለው ፍሬና የሞተ ነቀዝ ማግኘቱ ስለማይቀር «አይደርስበትም» ያልነው ቃል በእጁ ላይ ይሰበራል። «ሳይፈጀው» ስንል ግን የተናገርነው ከረጢቱ የሚያደርገውን ያህል ብቻ ነው። ከርዕሱ በታች ባለው ጽሑፍም ተስፋው የሚሠራባቸው ግዴታዎች በግልጽ መቀመጥ አለባቸው፦ ሽምብራው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር እስኪሆን ይድረቅ፤ ሁለቱም ውስጠኛ ፕላስቲኮች አየራቸው ተጨቁኖ ወጥቶ ለየብቻ ተጠምዝዘው ይታሰሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ አይፈታ፤ አይጥ ከቀደደው ሥራው ሁሉ ከንቱ ስለሆነ ከግድግዳ ርቆ በሳንቃ ላይ ይቀመጥ። እርጥብ እህል የከተተ ሰው የአዛውንቱ ስጋት በእርግጥ ይደርስበታል፤ ይህንን የደበቀ ማስታወቂያ በጥቅም ቢጀምርም በባሕርይ ቢጀምርም ያው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳምን ይመስላል፤ እኔ ግን በሰሜን ሸዋ ላይ ብቻ ሲፈተን እንኳ አይቆምም እላለሁ። አሮጌው ባነር «የእህል ማከማቻ» ማለቱ ማንንም ላለማስቀረት ነበር። ምንጃር ላይ «እህል» ሲባል ቀድሞ ወደ ሰው ልብ የሚመጣው ጤፍ ነው፤ ጤፍን ደግሞ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ገበሬው ባነሩን ሲያነብ በልቡ ጤፉን እያሰበ «ለጤፍ ይህ ሁሉ ሽፋን ምን ሊረባኝ» ብሎ ያልፋል። ሁሉንም ለማቀፍ የተመረጠው ቃል ነቀዝ የሚያስቸግረውን ሽምብራውን ከዓይኑ ሰወረበት። «ሽምብራዎ» ስንል ግን ጎተራው ጥግ ያለችው ክምር ናት ትዝ የምትለው።

ወደ ሰሜን ስንሄድ ነገሩ ሌላ ነው። በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ በሆነው ሙቀት፣ ነቀዝ በፍጥነት ይራባል፤ እዚያ ያለው ገበሬ የሚጨነቀው ግን ለማሾውና ለማሽላው ነው። እዚያ የሚሰቀለው ርዕስ «ማሾዎ» ብሎ ይጀምራል፤ የቀረው እንዳለ ይሄዳል። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ደግሞ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ባለው ብርድ፣ ነቀዝ እንደ ቆላው አይፈላም፤ የገብስ ባለቤቱን ስለ ነቀዝ ብናስፈራራው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ለእሱ ዋናው ጥቅም ሌላ ከሆነ ሌላ ርዕስ ይጻፍለታል፤ ከሌለ ደግሞ ባነሩ እዚያ ባይሰቀል ይሻላል፤ ይህንንም ሻጮች መስማት አይወዱም። ዝርዝሩ ሦስቱንም አካባቢዎች በአንድ ባነር እንዳገለገለ ያስመስላል እንጂ አንዳቸውንም በስም አልጠራም። አንድ ተጨማሪ ባነር ማሳተም የሚያስከፍለው ዋጋ ሦስት አካባቢ በአንድ ደብዛዛ ርዕስ ከማጣት ያንሳል።

እዚህ ላይ ለባለ ጽሑፉ መስጠት ያለብኝ ነገር አለ። ገዢው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የግዥ ኮሚቴ ከሆነና 5,000 ከረጢት በጨረታ የሚገዛ ከሆነ፣ ኮሚቴው ነቀዝ ምን እንደሚያደርግ አውቆ፣ ምን ዓይነት ከረጢት እንደሚፈልግም ወስኖ ነው የሚመጣው። የእሱ ጥያቄ የፕላስቲኩ ውፍረት፣ የመያዝ አቅሙና የማቅረቢያ ጊዜው ስለሆነ ለእሱ የሚላከው ሰነድ በእነዚህ ቢጀምር ትክክል ነው፤ «ሽምብራዎ» ብለን ብንጀምርለት ጊዜውን እንዳባከንንበት ይቆጥረዋል። ልዩነቱ ገዢው መፍትሔውን አስቀድሞ መርጦ መምጣቱ ነው። የአረርቲው ባነር ግን የሚነበበው አህያ ጭኖ ወይም ዘር ሊገዛ መጥቶ በዚያ ባለፈ፣ እንዲህ ያለ ከረጢት መኖሩንም ባልሰማ ሰው ነው።

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየኝም። ተፎካካሪዎች ሁሉ ከዘረዘሩ፣ አንዱ 3 ሽፋን ሲል ሌላው 3 ሽፋንና የተጠናከረ ስፌት ይላል፤ ገዢው ሁለት ዝርዝር ጎን ለጎን ሲያይና የትኛውም ስለ እሱ ችግር ካልተናገረ የሚቀርለት መለያ ዋጋ ብቻ ነው። ያኔ ርካሹ ያሸንፋል፤ ርካሹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስሱ ነው። ዝም እንበልም አላልኩም፤ 3 ሽፋኑ በንዑስ ርዕሱ፣ ማይክሮኑ በበራሪ ወረቀቱ ጀርባ አሉ።

አዲሱ ርዕስ ሥራውን መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ከሽያጩ ብዛት ቀድሞ ሰው መደብሩ ገብቶ በሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። በአሮጌው ባነር ዘመን የሚመጣው ጥያቄ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ወይም «ስንት ነው?» ነበር፤ ሁለቱም ሰውየው ርዕሱን አንብቦ ስለ ራሱ እህል ምንም እንዳልተረዳ ያሳያሉ። ርዕሱ ከተቀየረ በኋላ ግን «ባቄላስ ያቆያል?»፣ «ለዘር የማስቀምጠው ይበቅልልኛል?»፣ «ለሚቀጥለው ዓመትስ ይደግማል?» የሚሉ ጥያቄዎች መምጣት ጀምረዋል። ሦስቱም በርዕሱ ያልተመለሱ፣ ርዕሱ ግን የቀሰቀሳቸው ናቸው፤ መልሳቸውም (ያቆያል፤ በደንብ ደርቆ ከታሸገ ይበቅላል፤ ውስጠኛው ፕላስቲክ ካልተቀደደ ይደግማል) በበራሪ ወረቀቱ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ፣ ከማይክሮኑ በፊት፣ እንዲገባ ተደርጓል።